ካርድ ላይ «በርታ» ብቻ አይበቃም፦ ልጁና ወላጁ ነገ የሚጀምሩትን ሥራ የሚነግር አስተያየት

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ የክፍል ኃላፊም ነኝ። 52 ተማሪዎች አሉኝ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ሊሞላ ነው። ሁልጊዜ "ጎበዝ ናት፣ ትበርታ"፣ "ጥሩ ነው፣ ግን የበለጠ ማጥናት አለበት" እያልኩ ነው የምጽፈው። ወላጆችም ደረጃዋን አይተው ይሄዳሉ። የሚያበረታታ፣ ደግሞም ቀጥሎ ምን መሥራት እንዳለባቸው የሚነግር አስተያየት እንዴት ልጻፍ? ለ52 ልጅስ ጊዜው ከየት ይመጣል?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሮስተሩን ይዝጉትና የልጆቹን የፈተና ወረቀትና ደብተር ያውጡ። አብዛኛው ችግር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። አስተያየት የምንጽፈው ሮስተር ፊታችን ዘርግተን ከሆነ፣ ያለን ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በቃል እንደግመዋለን። 91 ካየን «በጣም ጎበዝ»፣ 58 ካየን «የበለጠ ያጥና» እንላለን። ወላጁ ግን 58ቱን አይቶታል። የጻፍንለት ነገር ከዚያ የተለየ ምንም አይነግረውም። ታዲያ ደረጃዋን አይቶ ቢሄድ ምን ይፈረድበታል?

የፈተናው ወረቀት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። አንድ ልጅ እንውሰድ፤ ስሙን ናትናኤል እንበለው። ሒሳብ 58 አምጥቷል። ወረቀቱን ገልጠው ሲያዩ መደመሩ ሁሉ ትክክል ነው። ማባዛቱም ደህና ነው። መቀነስ ላይ 63 − 28ን 35 ብሎ በትክክል ሠርቷል፤ ስለዚህ መበደር ያውቃል። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ 402 − 178 ነው። መልሱ 324 ይላል። ከሥሩ ደግሞ 500 − 236 አለ፤ እሱን 364 ብሎታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ይዩ። የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስ 224 ነው፤ የሁለተኛው 264። ሁለቱም ላይ ልጁ የሳተው በትክክል በ100 ነው። ይህ የግድየለሽነት ስህተት አይደለም። ናትናኤል መሐል ላይ ያለው ዜሮ ወደ 9 እንደሚለወጥ ያውቃል። ያንን 9 ለማግኘት ግን ከመቶ ቤት አንድ መውሰድ እንዳለበት አያስተውልም። 4ቱን እንዳለ ይተዋታል። ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት ይህንኑ ነው። ልጆች ሲቀንሱ የሚሠሩት ስህተት ብዙ ጊዜ በዘፈቀደ አይመጣም፤ ልጁ በታማኝነት የሚከተለው የተሳሳተ ሕግ አለው። ያንን ሕግ ካገኙለት አስተያየቱ ራሱን በራሱ ይጽፋል ማለት ይቻላል።

«የበለጠ ያጥና» ለናትናኤል ለምን እንደማይሠራ አሁን ይታያል። ልጁ ታዞ ቢያጠና የሚያጠናው ያንኑ የተሳሳተ መንገድ ነው። አንድ ደብተር ሙሉ ቢሠራ ሁሉንም በ100 ይስታል። እናቱም አጠገቡ ቁጭ ብላ «አጥና!» ከማለት ሌላ የምታደርገው ነገር የላትም።

እኔ ለእሱ ብጽፍ እንዲህ እጽፋለሁ፦

*«ናትናኤል፣ መደመርና ማባዛት በደንብ ትችላለህ። 63 − 28 ዓይነቱን መቀነስም አትስትም። የሚያስቸግርህ መሐሉ ላይ ዜሮ ሲኖር ብቻ ነው። 402 − 178ን 324 ብለሃል፤ ከመቶ ቤት የተበደርከውን አንድ ሳትቀንስ ነው ያለፍከው። ለሦስት ሳምንት በየማታው እንዲህ ያሉ ሦስት ጥያቄዎች በወረቀት ብር እየመነዘርክ ሥራ። መልስህን ከተቀነሰው ጋር ደምረህ አረጋግጥ። ወላጆች፣ ሲሠራ 10 ደቂቃ አጠገቡ ተቀመጡና "ስንት መቶ ቀረህ?" ብላችሁ ጠይቁት።»*

የወረቀት ብር ያልኩት ወረቀት ቆራርጦ 100፣ 10 እና 1 እየጻፉ የሚሠሩትን ነው። 402 ብር ሲሠራ አራት ባለ መቶ እና ሁለት ባለ አንድ ይይዛል። ባለ አሥር የለውም። አሁን 178 ብር ክፈል ቢባል ስምንት ባለ አንድ ያስፈልጉታል፤ ያሉት ሁለት ናቸው። የሚመነዝረው አሥር ስለሌለው የግድ አንዱን መቶ ይመነዝራል፤ አሥር ባለ አሥር ይሆንለታል። ከእነሱ አንዱን ደግሞ በአሥር ባለ አንድ ይለውጣል። በእጁ የቀረው ሦስት መቶ፣ ዘጠኝ አሥር እና አሥራ ሁለት አንድ ነው። አራት የነበረው መቶ ሦስት ሲሆን በዓይኑ ያየዋል። ደብተር ላይ የምትጠፋበት ነገር እዚህ ልትጠፋ አትችልም። እናቱ ፊደል ያልቆጠረች ብትሆን እንኳ ብር መመንዘር ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ስለዚህ የምታግዘው ነገር አገኘች ማለት ነው።

ማረጋገጫዋንም አይተዉ። 324ን ከ178 ጋር ሲደምር 502 ይመጣበታል፤ የተነሳው ግን ከ402 ነው። መሳሳቱን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። መምህር በሌለበት ቤት ለሚሠራ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አስተያየቷን መለስ ብለው ይመልከቷት። የምታበረታታው ከ«ጎበዝ» በተሻለ ነው። የሚችለውን በምሳሌ ስለምትነግረው ልጁ ያምናታል። 58 ያመጣ ልጅ «ጎበዝ ነህ» ቢባል እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። «63 − 28 አትስትም» ቢባል ግን ወረቀቱ ላይ ራሱ ያየው ነገር ነው። ችግሩም በልኩ ተቀመጠለት። «ሒሳብ አልችልም» ብሎ ያስብ የነበረው ልጅ «ዜሮ ሲኖር ብቻ» የሚለውን ሲያነብ ጭነቱ ይቀልለታል። ሥራው ደግሞ አንድ ነው፤ ስንት ጥያቄ፣ መቼ፣ በምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ተነግሮታል።

አንድ ብቻ ያልኩት በምክንያት ነው። ሦስትና አራት ምክር የተደረደረበት አስተያየት ቤት ሲደርስ አንዱም አይሠራም። ሒሳቡንም፣ ንባቡንም፣ ጽሕፈቱንም፣ እንግሊዝኛውንም አሻሽል የተባለ ልጅ ከየት ይጀምር? አንዱን ይምረጡለት። የትኛውን ቢባል፣ በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ለሚመጣው ትምህርት መንገድ የሚዘጋውን። ናትናኤል መቀነሱ ካልተስተካከለለት ማካፈል ላይ ሲደርስ መከራ ያያል፤ በረጅሙ ማካፈል ማለት ግማሹ መቀነስ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። አንደኛ የምትወጣው ልጅ አስተያየት ከሁሉም በላይ ባዶ ነው። «በዚሁ ቀጥይ» ይባልላታል፤ ወላጆቿም ደስ ብሏቸው ካርዱን ያስቀምጡታል። ቤተልሔም እንበላትና አማርኛ 96 አላት እንበል። ድርሰቷን ሲያነቡ ሐሳቧ ያምራል፤ ግን ገጹ ሙሉ አራት ነጥብ ያለው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ሐሳቡ ሁሉ በ«እና»፣ በ«ከዚያ» ተያይዞ ይወርዳል። ለእሷ የሚጻፈው ይህ ነው፦

*«ቤተልሔም፣ ስለ ገበያ በጻፍሽው ድርሰት ላይ የሻጮቹን ንግግር ያስገባሽበት መንገድ አንባቢን ይይዛል። አሁን ዓረፍተ ነገሮችሽን መለየት ተለማመጂ። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ጻፊ፤ ከዚያ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢውና ትንፋሽ የወሰድሽበት ቦታ ሁሉ አራት ነጥብ ያስፈልገው እንደሆነ እዪ። ወላጆች፣ ስታነብላችሁ አድምጡ፤ ያልገባችሁን ቦታ ብቻ ንገሯት።»*

ወላጆቿ ማረም አይጠበቅባቸውም። ማድመጥ ብቻ ነው። አባትየው ሲያደምጥ «ማን ነው የሄደው? አልገባኝም» ካለ ልጅቷ የት መቁረጥ እንዳለባት ይገባታል።

ስለ ጠባይ የሚጻፈው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ልጅ ይጎዳል። «ይረብሻል»፣ «አያጠናም»፣ «ትኩረት የለውም» ብለን ስንጽፍ ወላጁ ቀጥሎ የሚያደርገውን ነገር አልነገርነውም። ምን ማድረግ እንዳለበት ያልተነገረው ወላጅ ደግሞ የሚያውቀውን ያደርጋል። በብዙ ቤት ያ የሚታወቀው ነገር ቀበቶ ነው። አስተያየታችን ቤት ውስጥ ዱላ እንዳይሆን የምንከላከለው ያየነውን ድርጊት በመጻፍና ሥራውን በመከፋፈል ነው።

ለምሳሌ «ይረብሻል» ያልነውን ልጅ አንድ ሳምንት ቢከታተሉት ክላስ ወርኩን ከሁሉ ቀድሞ እንደሚጨርስ፣ ጎረቤቱን መነካካት የሚጀምረውም ያን ጊዜ እንደሆነ ሊያዩ ይችላሉ። ያን ጊዜ «ሥራህን ቶሎና በትክክል ትጨርሳለህ። ስትጨርስ ግን የጓደኛህን ደብተር ትነካለህ። ከዚህ በኋላ እኔ ተጨማሪ ጥያቄ እሰጥሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ሳትነሳ ትሠራለህ። ወላጆች፣ ዓርብ ዓርብ የሠራውን ጥያቄ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት» ብለው ይጽፋሉ። እዚህ ላይ መምህሯም ድርሻ ወስዳለች። ወላጅ «ትምህርት ቤቱ ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ በሆዱ ለሚጠይቀውም መልስ አገኘ።

ካርድ ላይ ፈጽሞ የማይጻፍም ነገር አለ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ የሚሳሳት፣ ዓይኑን የሚያጠብብ፣ ከጎን ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ካለዎት ወላጁን ጠርተው ለብቻ ይንገሩ። ልጁን ወደፊት ወንበር ያምጡት፤ ወላጅም ጤና ጣቢያ ወስዶ እንዲያስመረምረው ይጠይቁ። በሽታውን እርስዎ አይገምቱ፤ ያዩትን ብቻ ይንገሩ። ቁርስ ሳትበላ የምትመጣ፣ ከትምህርት በኋላ ሥራ የምትውል ልጅ ጉዳይም እንደዚሁ ነው። ካርዱን ጎረቤትም ዘመድም ያየዋል።

አስተያየቱን መጀመሪያ የሚያነበው ማን ነው? ብዙ ቤት ልጁ ራሱ ነው፤ ለእናትና አባቱም የሚያነብላቸው እሱ ነው። ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ ወይም ጉራግኛ የሚነገርበት፣ አማርኛ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ ይህ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ አስተያየቱን ለልጁ በ«አንተ»፣ በ«አንቺ» ይጻፉት፤ ለወላጅ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ ይጨምሩ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ሳይደናቀፍ የማያነበው ቃል አይግባበት። «ክሂል»፣ «ተከታታይ ምዘና»፣ «ዝቅተኛ የመማር ብቃት» ለዩኒት መሪው ይሁኑ፤ ለናትናኤል እናት አይጠቅሟትም።

ደረጃዋን አይተው ይሄዳሉ ላሉት ደግሞ አንድ ላሳውቅዎት የምፈልገው ጥናት አለ። ሩት በትለር የተባለች እስራኤላዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ሥራ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን በሦስት ከፍላ ነበር። አንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ሁለተኛው አስተያየት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ተሰጠው። በሥራቸውም በፍላጎታቸውም የተሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ግን ማርክ ብቻ ካገኙት እምብዛም አልተለዩም። ማርኩ አስተያየቱን ዋጠው ማለት ነው። የኛ ካርድ ላይ ደግሞ ማርክም፣ አማካይም፣ ከ52 ስንተኛ እንደሆነም ተጽፏል።

ካርዱን እርስዎ መለወጥ አይችሉም። አስተያየቱን ከካርዱ ማለያየት ግን ይቻላል። ርዕሰ መምህሩን ያስፈቅዱና በግማሽ ወረቀት ይጻፉት፤ ካርዱ ላይ ያለችው መስመር ጠባብ ስለሆነች ለዚያም ይጠቅማል። ግማሽ ወረቀቱን ካርዱ ከሚሰጥበት ቀን ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድመው ለልጁ ይስጡት። በክፍል ያንብበው፤ ያልገባው ካለ ይጠይቅዎት፤ አንዷን ጥያቄ እዚያው ይሞክራት። ቤት ወስዶ ለወላጅ ያንብብ፣ ተፈርሞበት ይመለስ። ካርድ የሚወሰድበት ቀን ሲደርስ ወላጁ ደረጃውን ከማየቱ በፊት ወረቀቱን አይቶታል። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ማታ ማታ ምን ሊሠራ ተስማማችሁ?» መልሱን ካወቀ አስተያየቱ ደርሷል። ካላወቀ ልጁን ይጥሩና እዚያው ያንብብለት።

ወላጅ ምን እንደሚሻሻል ሲነገረው ለውጥ እንደሚመጣ ማቲው ክራፍት እና ቶድ ሮጀርስ አሜሪካ ውስጥ ሞክረው አሳይተዋል። በክረምት ማካካሻ ትምህርት ላይ ለነበሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች መምህራን በየሳምንቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይልኩ ነበር። መልእክት የደረሳቸው ቤተሰቦች ልጆች ትምህርቱን የማጠናቀቅ ዕድላቸው ጨመረ፤ ይበልጥ የሠራውም ሙገሳ ብቻ ያለው ሳይሆን ምን መሻሻል እንዳለበት የሚናገረው መልእክት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር! ሁኔታው ከኛ አራተኛ ክፍል የተለየ ነው፤ ልጆቹም ትልልቆች ናቸው። ቢሆንም ረጅም ደብዳቤ እንደማያስፈልግ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጊዜው እንግዲህ። 52 አስተያየት በካርድ ሳምንት ከተጀመረ አይሆንም፤ እውነትዎን ነው። ሥራው መጀመር ያለበት ፋይናል ሲታረም ነው። ስም ዝርዝር ያለው ወረቀት አጠገብዎ ያስቀምጡ። የሒሳቡንና የአማርኛውን ወረቀት ሲያርሙ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ የቻለውን አንድ ጥያቄ እና የሳተውን አንድ ጥያቄ፤ የሳተበትን መልስ ጭምር። ለናትናኤል «63−28 ✓፣ 402−178=324» ማለት በቂ ነው። ለሌሎቹ ትምህርቶች አስተያየት አይጻፉ፤ ማርኩ ይበቃል። የክፍልዎን አንዳንድ ትምህርት ሌላ መምህር የሚያስተምር ከሆነ ይህንኑ ሁለት ነገር ከማርክ ሊስቱ ጋር እንዲሰጥዎት ይጠይቁት።

አርመው ሲጨርሱ ስህተቶቹ ተመሳሳይ መሆናቸውን ያያሉ። ዜሮ ላይ የሚስቱ የተወሰኑ ልጆች አሉ፤ ፊደል እየቆጠሩ የሚያነቡ አሉ፤ በቃላት የቀረበ የሒሳብ ጥያቄ ሲያዩ ቁጥሮቹን ዝም ብለው የሚደምሩ አሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን የቤት ሥራውን አንድ ጊዜ አስበው ይጽፋሉ፤ ለቡድኑ ሁሉ ያው ነው። የሚለያየው የልጁ ምሳሌ ነው፤ እሱን ደግሞ ዝርዝሩ ላይ አስቀድመው ይዘውታል። እንዲህ ከሆነ አንዱን ወረቀት መጻፍ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። በቀን አሥር ቢጽፉ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ጽፈው ሲጨርሱ የልጁን ስም በእጅዎ ሸፍነው ያንብቡት። የማን እንደሆነ ካላወቁት እንደገና ወረቀቱን ይግለጡ። ከመስጠትዎ በፊትም ሁሉንም በስልክዎ ፎቶ ያንሷቸው።

ፎቶው ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ነው። ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ለዜሮዎቹ ቡድን ሦስት ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ይስጡ፤ 603 − 247፣ 800 − 365፣ 501 − 138 ይበሏቸው። ናትናኤል 356፣ 435 እና 363 ካለ ተሳክቷል። መገናኛ ደብተሩ ላይ «ዜሮው ተፈቷል፤ እናመሰግናለን» ብለው ለወላጆቹ ይጻፉላቸውና ቀጣዩን ሥራ ይስጡት። 456፣ 535፣ 463 ካለ አሁንም በ100 ይስታል። ያን ጊዜ ያንኑ አስተያየት ደግመው አይላኩ። ወረቀት ብሩን ቤት ሠርተውት እንደሆነ ልጁን ይጠይቁት። ካልሠሩት ክፍል ውስጥ ከጓደኛው ጋር ያሠሩት፤ ሠርተውት ካልገባው ደግሞ በእረፍት ሰዓት አጠገብዎ አስቀምጠው መቶውን ሲመነዝር ይመልከቱት፤ እጁ የት ላይ እንደሚቆም ያያሉ።